የቴሌግራም ቻናል ዩዘርኔም ሲቀየር የድሮው ሊንክ ምን ይሆናል? ጥያቄና መልስ

ዮናስ፦ የቴሌግራም ቻናልና ግሩፕ ዩዘርኔም ላይ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ። የድሮውን ስምና አዲሱን ጻፉልኝ፤ «ሊንኬ እምቢ አለ» ብቻ ከሆነ ምንም ልላችሁ አልችልም። ከሁሉ በፊት ግን፣ የድሮውን ስም ባዶ አትልቀቁት።

ሰናይት፦ የጫማ ቻናላችንን ከ `yegna_chama_suk` ወደ `yegna_chama_addis` ልንቀይር ነው። በየግሩፑ የተለጠፉት ሊንኮች ወደ አዲሱ ይወስዳሉ?

ዮናስ፦ አይወስዱም። ቴሌግራም ከድሮው ስም ወደ አዲሱ አያሻግርም። ስሙን ከለቀቅሽው በኋላ ሌላ ሰው ሊይዘው ይችላል፤ ከያዘው ደግሞ በየቦታው የተበተነው ሊንክሽ በሙሉ ለእሱ ይሠራለታል። ያንቺን ፎቶና ያንቺን ርዕስ ለጥፎ ከደንበኞችሽ ቅድሚያ ክፍያ ቢቀበል ማን ይለየዋል?

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ዋናውን ሳትነኪ መጀመሪያ በዚያው አካውንት አንድ ትንሽ ፕራይቬት ቻናል ክፈቺ። «ወደ @yegna_chama_addis ተዛውረናል» የሚል አንድ ፖስት ጻፊና ፒን አድርጊው። ከዚያ የዋናውን ቻናል ስም ቀይሪ፤ አዲሱን ስም እንደተቀበለሽ ሳትዘገዪ ትንሹን ቻናል ፐብሊክ አድርገሽ የድሮውን ስም ስጪው። ከመጀመርሽ በፊት ግን ያሉሽን ፐብሊክ ቻናሎችና ግሩፖች ቁጠሪ። አንድ አካውንት 10 ፐብሊክ ሊንክ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ፕሪሚየም ከሆነ 20። ሞልቶብሽ ከሆነ ዋናውን ከቀየርሽ በኋላ መሃል ላይ ትቀሪያለሽ፣ የድሮው ስምም ሜዳ ላይ ይቀራል።

የፖስት ቁጥር አይቀየርም፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። የሚለወጠው መሃሉ ብቻ ነው፦

```
t.me/yegna_chama_suk/125
t.me/yegna_chama_addis/125
```

ዌብሳይት ካላችሁ ስሙን ብቻ በጅምላ ተክቶ መጨረስ ይቻላል። በቻናላችሁ ውስጥ ያሉትንም የድሮ ፖስቶች ኤዲት ማድረግ ትችላላችሁ። ሌሎች ፎርዋርድ ያደረጉት ግን በነበረበት ይቀራል፤ ያንቺ ኤዲት እዚያ አይደርስም።

ብሩክ፦ ወንድሜ ይሄ ትክክል አይመስለኝም። እኔ ስሙን ቀይሬ የድሮውን ሊንክ ስነካው ቻናሌን ነው የከፈተልኝ። ያሻግራል ማለት ነው።

ዮናስ፦ የነካኸው ቻናሉ ያለበት ስልክ ላይ ነው። አፑ ያን ስም ከቻናልህ ጋር አያይዞ ይዞት ይሆናል፤ በዚያ አይፈተንም። ብሮውዘር ላይ በኢንኮግኒቶ `t.me/` ብለህ የድሮውን ስም አስከትልና እይ። የቻናሉ ፎቶ፣ ርዕስና የተከታይ ቁጥር ከወጣ ስሙ ባለቤት አለው፤ ፎቶው ያንተ መሆኑን ደግሞ ራስህ ታያለህ። «If you have Telegram, you can contact…» የሚል ባዶ ገጽ ብቻ ከመጣ ቻናልህ እዚያ የለም።

ብሩክ፦ አየሁት፣ ባዶ ነው። ግን ፎርዋርድ የተደረጉት ፖስቶቼ ላይኛው ስም ሲነካ አሁንም ወደ እኔ ይመጣል። ይሄስ?

ዮናስ፦ እዚያ ላይ ልክ ነህ። «Forwarded from» የሚለው የታሰረው ከዩዘርኔሙ ጋር ሳይሆን ከቻናሉ መለያ ቁጥር ጋር ነው። ፖስቱ ውስጥ በጽሑፍ የገባው @ ግን በተነካ ቁጥር «ይህ ስም አሁን የማን ነው?» ብሎ እንደ አዲስ ይጠይቃል። አንድ ፖስት ላይ ላይኛው ወደ አንተ፣ ታችኛው ወደ ሌላ ሰው ሊወስድ ይችላል።

ሚኪ፦ ቦታችን ከትናንት ጀምሮ ዋጋ መለጠፍ አቆመ። ከዚህ ጋር ይያያዛል?

ዮናስ፦ ቦት ማለትህ ከሆነ፣ ስሙን ትናንት ከቀየራችሁ አዎ። ኮዱ ውስጥ `chat_id` ላይ ዩዘርኔሙን ጽፋችኋል። መልሱ ይህ መሆን አለበት፦

```
Bad Request: chat not found
```

በ `-100` የሚጀምረውን የቻናሉን ቁጥር ተካበት። ያ ቁጥር ስም ቢቀየርም አይነካም።

እቴነሽ፦ የቻናሌን ስም ከ«እቴነሽ ቅመማ ቅመም» ወደ «እቴነሽ ባልትና» ብቀይር ሊንኬ ይጠፋል?

ዮናስ፦ እሱ ርዕስ ነው እንጂ ዩዘርኔም አይደለም። ምንም አይሆንም፤ «ስሙ ተቀየረ» የሚል መስመር ቻናሉ ላይ ይወጣል፣ በቃ። ዩዘርኔም ሲቀየር ግን ለተከታይ የሚታይ ምንም ነገር የለም፤ ስለዚህ ራሳችሁ ለጥፋችሁ ንገሩ።

አቤል፦ ጉግል ላይ አሁንም የድሮው ስም ነው የሚወጣው። ስንት ቀን ይፈጃል?

ዮናስ፦ ቀን ቆርጬ አልነግርህም። ምክንያቱን ግን ልንገርህ፤ ከላይ ያልኩት ባዶ ገጽ ለጉግል እንደ ደህና ገጽ ነው የሚታየው። «ጠፍቷል» አይልም፣ «ወደዚህ ተዛውሯል» አይልም። ሊንኩ የቴሌግራም እንጂ ያንተ ስላልሆነ ሰርች ኮንሶል ውስጥ አስገብተህ ልታስተካክለው አትችልም። የቀረህ `Refresh Outdated Content` የሚለው የጉግል ቅጽ ነው፤ እሱን የገጹ ባለቤት ያልሆነም ይሞላዋል። የራስህ ዌብሳይትና ፌስቡክ ላይ ያለውን ሊንክ በአዲሱ ተካ፤ ጉግል አዲሱን የሚያገኘው በዚያ በኩል ነው። ቴሌግራም ውስጥ ያለው ፍለጋ ሌላ ነው፤ እዚያ የድሮውን ስም የጻፈ ሰው የሚያገኘው አሁን የያዘውን ነው።

ሰናይት፦ እሺ፣ ግን የድሮውን ስም ለትንሹ ቻናል ስሰጠው «already taken» ቢለኝስ?

ሔኖክ፦ አይልም፣ ወዲያው ይቀበላል። ብዙ ጊዜ ያየሁት እንደዚያ ነው።

አቤል፦ ለኛ ግን ብሏል። ሰው እንዳልያዘውም አይተናል፣ ገጹ ባዶ ነበር።

ዮናስ፦ ሁለቱም ይገጥማል። «already taken» ካለሽ ደጋግመሽ አትነካኪው፣ ቆይተሽ ሞክሪ። ሌላ ሰው ይዞት ከሆነ ግን የቀረው በር ጠባብ ነው፦ ያንኑ ስም ከፌስቡክ፣ ከኤክስና ከኢንስታግራም ቢያንስ በሁለቱ ላይ ከያዝሽ በ `@username_bot` በኩል መጠየቅ ይቻላል።

ሔኖክ፦ ከዚህ ሁሉ የቴሌግራም ስሞች በሚሸጡበት ፍራግመንት ላይ አዲሱን ስም መግዛት አይሻልም? ሁለቱም ስሞች ባንድ ቻናል ይሠራሉ።

ዮናስ፦ ይሠራሉ። ከ2022 ጀምሮ በጨረታ የተገዛ ስም ከነበረው ስም ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ የድሮው ሊንክም አይሰበርም። ንጹሑ መፍትሔ እሱ ነው፣ የሚፈለገው ስም እዚያ ለሽያጭ ከቀረበ።

አቤል፦ ቶን በሚባለው ክሪፕቶ ነው የሚከፈለው። የጫማ ሱቅ ቶን ከየት ያመጣል?

ሔኖክ፦ ለማስታወቂያ ስንት ያወጣ የለ? ሁለት ወር…

ዮናስ፦ የቶን ክርክራችሁን በውስጥ ጨርሱት።

ፍቅር፦ በወር ስንት ጊዜ መቀየር ይቻላል?

ዮናስ፦ ቴሌግራም «በፈለጋችሁ ጊዜ» ይላል። ባጭር ጊዜ ውስጥ ከደጋገምከው ግን ጠብቅ ብሎ ያግድሃል። ቲክቶክ በ30 ቀን አንዴ፣ ዩቲዩብ በ14 ቀን ሁለቴ ነው። ዩቲዩብ የድሮውን ስም 14 ቀን ያቆይልሃል፣ ሊንኩም እስከዚያ ይሠራል። ቴሌግራም እንደዚያ አያደርግም።

ፍቅር፦ ትንሹን ፊደል ወደ ትልቅ ብቻ ባደርገውስ?

ዮናስ፦ ያው ስም ነው፤ ምንም ሊንክ አይሰበርም።

ገነት፦ ፌስታል ላይ ኪውአር አሳትመናል። ስሙን ከቀየርን ያ ሁሉ ፌስታል ይጣላል?

ዮናስ፦ ኪውአሩ ውስጥ ያለው ዩዘርኔሙ ከሆነ፣ የድሮውን ስም በትንሹ ቻናል እስከያዛችሁ ድረስ አይጣልም። ለሚቀጥለው ኅትመት ከቻናሉ የግብዣ ሊንክ አውጡና በ `t.me/+` የሚጀምረውን አሳትሙ፤ እሱ ስም አይከተልም። አንድ አድሚን `Revoke` ካደረገው ግን ይሞታል፣ ስለዚህ ማን ማን ያን መብት እንዳለው እዩ።

ሳሚ፦ ሊንኬ እምቢ አለ፣ ምን ላድርግ?

ዮናስ፦ የድሮው ስም? አዲሱ? ኢንኮግኒቶ ላይ ምን ወጣ?