የሚጠብቁትን ደመወዝ ሲጠየቁ ምን ይመልሳሉ?

ጥያቄ፦ «ለአንድ ሥራ አመልክቼ ስልክ ተደወለልኝ። ደመወዙን ሳይነግሩኝ ‹ስንት ይጠብቃሉ?› አሉኝ። ነገ አሳውቃለሁ ብዬ ዘጋሁ። አሁን በወር 30 ሺህ በእጄ ይገባል። 40 ልበል? ዝቅ አድርጌ ከጠራሁ በሕግ ይይዘኛል? የአሁኑን ደመወዜን ቢጠይቁኝስ?»

መልስ፦ በሕግ አይይዝዎትም። ውል የሚሆነው አንዱ ወገን ቁርጥ ያለ ሐሳብ አቅርቦ ሌላው ሲቀበለው ነው። «ይህን ያህል እጠብቃለሁ» ማለት ገና ድርድር ነው። በተግባር ግን አንዴ ከአፍ የወጣ ቁጥር ወደ ታች ለመጎተት እንጂ ወደ ላይ ለመግፋት አይመችም። ለዚህ ነው አስቀድሞ መዘጋጀት የሚያስፈልገው።

40 ብለው ብቻ አይመልሱ። እርስዎ የሚያስቡት ኔቱን፣ በእጅ የሚገባውን ነው። ቀጣሪው የሚሰማው ግን አብዛኛውን ጊዜ ግሮሱን፣ ግብርና የጡረታ መዋጮ ያልተነሳለትን ነው። ተቀናሹ ሩብ ያህል ነው እንበል። ከ40 ሺህ ግሮስ ላይ ሲቆረጥ 30 ሺህ ይቀርዎታል። ሥራ ለውጠው ዛሬ ከሚያገኙት ሳንቲም አልጨመሩም ማለት ነው።

ዛሬ ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ። በ30 ሺህ ላይ አሁን ያለው መሥሪያ ቤት የሚሸፍንልዎትን ይጨምሩ። ሰርቪስ አለዎት? በራስዎ ቢመላለሱ በወር 3 ሺህ ይወጣል እንበል። በዓመት 24 ሺህ ቦነስ ካለ በወር 2 ሺህ ነው። አዲሱ ቀጣሪ እነዚህን ካልሰጠ፣ ባሉበት ለመቆየት ብቻ በእጅ የሚገባ 35 ሺህ ያስፈልግዎታል። ለመልቀቅ የሚያበቃዎት 40 ሺህ ኔት ከሆነ ደግሞ፣ በዚያው ስሌት ግሮሱ 53 ሺህ አካባቢ ይመጣል። የእርስዎን ትክክለኛ ተቀናሽ ከደመወዝ ወረቀትዎ ላይ ያገኙታል። ደመወዝ ሲያድግ ግብሩም ከፍ የሚልበት አገር ከሆኑ ትንሽ ጨምረው ይያዙ።

ነገ ሲደውሉ ግን ቁጥሩን ቀድመው አያውጡት። እንዲህ ይበሉ፦ «የሥራውን ኃላፊነት በደንብ ካወቅሁ በኋላ ብንነጋገርበት ደስ ይለኛል። ለመሆኑ ለቦታው የተያዘው በጀት ከስንት እስከ ስንት ነው?» ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታው ሲከብድ ብዙ ሰው ራሱ ቁጥር ይጠራል፤ እርስዎ ይታገሱ። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የደመወዝ ግልጽነት መመሪያ ሥራ ፈላጊ የመነሻውን ደመወዝ ወይም እርከኑን የማወቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት አገርም ጥያቄውን የሚከለክል የለም።

«አይ፣ እርስዎ ይንገሩን» ብለው ከደገሙት ማምለጥ አያዋጣም። ሁለት ጊዜ መሸሽ ያልተዘጋጀ ያስመስላል። ያኔ፦ «ግሮስ ከ54 እስከ 60 ሺህ ባለው አስባለሁ፤ የመጨረሻውን ግን ሰርቪሱን፣ ቦነሱንና የሕክምና ሽፋኑን አይቼ እወስናለሁ» ይበሉ። የታችኛው ቁጥር ቢሰጥዎት ሳያቅማሙ የሚቀበሉት ይሁን፤ ቀጣሪው መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው። «ግሮስ» የሚለውን ቃል አይዝለሉት። በፎርም ከሆነና ክፍት መተው የማይቻል ከሆነም ከቁጥሩ ጎን «ግሮስ፣ ለድርድር ክፍት» ብለው ይጻፉ።

የአሁኑን ደመወዝ መጠየቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው ከመጀመሪያው ጋር ያምታታዋል። ያንኑ የአውሮፓ መመሪያ ከወሰድን ቀጣሪ የቀድሞ ደመወዝን እንዳይጠይቅ ይከለክላል። የካሊፎርኒያ ሕግም እንደዚሁ፤ የሚጠብቁትን መጠየቅ ግን እዚያም ይፈቀዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ያሉበት አገር ሕግ ምን እንደሚል ያጣሩ። ክልከላ ባይኖርም «አሁን ያለሁበት ሥራ ኃላፊነቱ ስለሚለይ በአዲሱ ላይ ብናተኩር እመርጣለሁ» ማለት ይችላሉ። ብቻ እባክዎ የውሸት ቁጥር አይጥሩ። «48 ሺህ ይከፈለኛል» ብለው ኋላ የደመወዝ ማስረጃ ሲጠየቁ ቢጋለጡ፣ ቅጥሩ ሊሰረዝ ይችላል። ከተቀጠሩ በኋላ ከታወቀም በብዙ ቦታ ለመሰናበት ምክንያት ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ለጊዜው በ48 ጀምሩ፣ ከሙከራ ጊዜ በኋላ እናስተካክላለን» ካሉዎት፣ የሚስተካከለው ቁጥርና ቀኑ በቅጥር ደብዳቤው ላይ ይስፈር። በቃል ተብሎ የቀረን ጭማሪ ማስረዳት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ቃል የገባልዎት ሰውዬ እስከዚያ ሥራ ሊለቅም ይችላል። መጻፍ ካልፈለጉ፣ 48ቱን ብቻ እንደተሰጠዎት ቆጥረው ይወስኑ።