ቆሞ የሚገባ መደርደሪያ ሲነሣ ላይገባ ይችላል

ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ልገባ ነው። ለሳሎኑ ግድግዳ ትልቅ የመጽሐፍ መደርደሪያ ላሠራ አስቤያለሁ። ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ዕቃው ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚመስል እንዴት ላየው እችላለሁ?»

መልስ፦ እኔም ፒያሳ አካባቢ ያለውን ቤቴን ሳዘጋጅ ያለፍኩበት ጉዳይ ስለሆነ በተራ ቁጥር አስቀምጥልዎታለሁ።

1. ሙድ ቦርድዎን፣ ማለትም ለቤቱ ያሰቧቸውን ቀለሞችና ዕቃዎች አንድ ላይ የሚያዩበትን ሰሌዳ፣ ከስልክ ላይ በሰበሰቧቸው ሥዕሎች ብቻ አይሥሩት። ከእንጨት ቤቱ የቦርድ ቁራጭ፣ ከመጋረጃ ሻጩ የጨርቅ ብጣሽ ለምነው ካርቶን ላይ ይለጥፉና መደርደሪያው በሚቆምበት ግድግዳ ላይ አስደግፈው ቀንም ማታም ይዩት። እኔ ቡናማ ብዬ የመረጥኩት ቦርድ ማታ በአምፖል ብርሃን ጥቁር ሆኖ ስለታየኝ ቀየርኩት፤ በዚያ ውሳኔዬ እስካሁን እኮራለሁ።

2. የግድግዳውን ስፋት ከወለሉ አጠገብ፣ ከወገብ ከፍታና ከጣሪያው ሥር ለክተው ትንሹን ቁጥር ይያዙ። ልስን ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ በኮለኑና በግድግዳው መካከል ያለው ቦታዬ ከታች 184፣ ከላይ 181 ሳንቲ ሜትር ነበር። ሶኬቱንና ዞኮሎውንም በንድፉ ላይ ያስገቧቸው።

3. ቁመት። እኔን ያከሰረኝ ይህ ነው። ጣሪያዬ 242 ሳንቲ ሜትር ስለነበር ቁመቱ 240፣ ጥልቀቱ 40 የሆነ መደርደሪያ አዘዝኩ፤ ከፊት የሣልኩት ንድፍ ላይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ተርፎ ነበር። ዕቃው ተገጣጥሞ መጣ፤ ሠራተኞቹ ወለሉ ላይ አጋድመው ሊያቆሙት ሲሞክሩ የኋላው የላይኛ ጥግ ጣሪያውን እየፋቀ አልነሣ አለ። ለካ ዕቃ ከተጋደመበት ሲነሣ የሚፈልገው ከፍታ ቁመቱን ሳይሆን ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ያለውን ርዝመት ነው፤ የእኔው 243 ከሦስት ሚሊ ሜትር ነበር። ወደ እንጨት ቤቱ ስደውል ሰውየው «በሰጠኸኝ ልክ ሠርቻለሁ» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ልኩን የሰጠሁት እኔ መሆኔ እውነት ነው፤ ዕድሜ ልኩን መደርደሪያ ሲያቆም የኖረ ሰው ግን የጣሪያዬን ከፍታ አንድ ጊዜ እንኳ አለመጠየቁ ዛሬም ያናድደኛል። በመጨረሻ ሌላ አናጢ ከእግሩ ስምንት ሳንቲ ሜትር ቆረጠልኝ፤ የታችኛው ክፍል በማጠሩም ትልልቆቹ መዝገበ ቃላቶቼ ተጋድመው ይቀመጣሉ።

ይህን ቀድሞ ለማየት አንድ ባለካሬ ወረቀትና የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። ዕቃውን ከፊት ሳይሆን ከጎን፣ አሥሩን ሳንቲ ሜትር በአንድ እያሳነሱ ይሣሉት። የእኔው 24 በ4 የሆነ ቀጭን ሣጥን ይሆናል፤ ማስመሪያውን ከጥግ ወደ ጥግ ሲያጋድሙት 24 ከሦስት ሚሊ ሜትር ያነባሉ፤ ጣሪያው ግን 24 ከሁለት ነው። ቁመቱን 235 ብዬ ቢሆን ኖሮ 238 ተኩል ገደማ ስለሚሆን በቀላሉ ይነሣ ነበር። እስከ ጣሪያ እንዲደርስ የግድ ከፈለጉ ደግሞ የታችኛውና የላይኛው ክፍል ተለያይተው እንዲሠሩና እቤት እንዲገጣጠሙ በውሉ ላይ ያስጽፉ፤ ለብቻው የሚነሣ አጭር ክፍል የደረጃውን መታጠፊያም በቀላሉ ያልፋል።