የኅዳር ሚካኤል መልእክት መቼ ይለቀቅ?

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ መምህር? የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። የሰንበት ትምህርት ቤታችንን የቴሌግራም ቻናል እይዛለሁ። በሰባቱም የጸሎት ሰዓታት እንለጥፋለን፤ ሰዉ ግን ማሳወቂያውን እየዘጋው ነው። የበዓል መልእክትም ሁልጊዜ ይዘገይብናል። በምን ሥርዓት እንያዘው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ።

ነቢዩ ዳዊት «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» ያለው ስለ ምስጋና ነው፤ ሰባት ጊዜ ጽሑፍ ከመላክ ጋር አታገናኙት። መልእክቱ ልክ በጸሎቱ ሰዓት ሲደርስ ሊጸልይ የተነሣውን ሰው ወደ ስልኩ ይመልሰዋል። ስለዚህ ሩብ ሰዓት አስቀድማችሁ፣ በሁለት መስመር ልቀቁ። በአዘቦት ቀን የነግህና የሠርክ ይበቃል። ረቡዕና ዓርብ የተሰዓትን ጨምሩ፤ ጾሙ እስከ 9 ሰዓት ነውና። ሠለስትና ቀትር ላይ የገጠሩ ምእመን እርሻ ላይ ነው፤ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ደግሞ ስልክ ባይጮህ ይሻላል።

አሁን የ2019ን ኅዳር ሚካኤል እንያዝ። ኅዳር 12 ቅዳሜ ይውላል፤ በስልካችሁ ኖቬምበር 21 ቀን 2026 ማለት ነው። ዋዜማው ዓርብ ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

ዓርብ 8፡45 ላይ የሚወጣው የስቅለቱ ነው፤ ጌታ በቀትር ተሰቅሎ በተሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ አሳልፎ እንደ ሰጠ የሚያስታውስ አጭር ቃል። የበዓሉን ነገር በዚህ ሰዓት አትቀላቅሉት። 10፡45 ሲሆን የሚካኤልን ትለቃላችሁ፤ ዕለቱ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በሠርክ ይገባልና። የእናንተ መልእክት የዘገየው በዓሉን ከንጋት ስለምትጀምሩ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ «እንኳን አደረሳችሁ» ስትሉ ማኅሌቱ ተቁሞ አድሮ ሰዉ ቅዳሴ ላይ ነው።

የዋዜማው መልእክት ለምእመኑ የሚጠቅመውን ይያዝ፦ ማኅሌቱ በስንት ሰዓት እንደሚጀመር፣ ታቦቱ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ የዕለቱ ምስባክና ወንጌል የትኛው እንደሆነ። ሰዓቱንና መንገዱን ከገበዙ፣ ምስባኩን ከመሪጌታው ጠይቁ፤ ካለፈው ዓመት አትገልብጡ። የድግስ ሥዕልም አታውጡ። ዕለቱ ለጸሎት በሠርክ ቢገባም የዓርብ ጾም በዋዜማው አይሻርም፤ የዶሮ ወጥ ፎቶ ዓርብ ማታ ያየ ልጅ የተሻረ ይመስለዋል።

ከዚያ በኋላ ታቦቱ ወደ መንበሩ እስኪመለስ ዝም በሉ። ፎቶውንም አንድ ላይ ሰብስባችሁ ጥቂቱን ብቻ ልቀቁ፤ ኔትወርክ በሚደክምበት ቀበሌ ሠላሳ ፎቶ አንድም ሳይከፈት ይቀራል። ቅዳሜ 10፡45 የእሑድ ሰንበት ይገባል። በበዓሉ ፎቶ ብዛት ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። እሑድ ማታ ደግሞ ጾመ ነቢያት ማክሰኞ ኅዳር 15 እንደሚገባ አስታውቁ። ሰኞ ማታ የደረሰ ማስታወቂያ ለቤቷ እመቤት ጊዜ አይሰጣትም።

ስለ ስልኩ፦ ጽሑፉን ጽፋችሁ የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርጋችሁ ስትቆዩ «Schedule Message» ይመጣል። የሚጠይቃችሁ የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የቀኑ ሰዓት ላይ ስድስት ደምሩ። 8፡45 በስልኩ 14:45፣ 10፡45 ደግሞ 16:45 ነው። ከነግህ በፊት ያለው 11፡45 ግን ሌሊት ስለሆነ 05:45 ይሆናል፤ እዚህ ላይ ስድስት የደመረ ሰው የጠዋቱን ጸሎት ማታ ይልከዋል። የሌሊት መልእክት የግድ ካላችሁ ቀኑን ተጠንቀቁ፤ ለቅዳሜ አጥቢያ እኩለ ሌሊት በስልኩ የቅዳሜ 00:00 እንጂ የዓርብ አይደለም።

የዓመቱን ዕቅድ በፈረንጅ ቀን ጽፋችሁ ለቀጣዩ ዓመት አታስተላልፉ። 2019 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። ስለዚህ የ2020 ኅዳር 12 ኖቬምበር 22 ላይ ይውላል። ልደት ግን በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር በፈረንጁ ጃንዋሪ 7 እንዳለ ይቆያል፤ እሱን እንደ ሌሎቹ በአንድ ቀን አትግፉት። ከነነዌ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት አጽዋማትና በዓላት ከዓመት ዓመት ይዘዋወራሉ። የ2019 ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ነው፤ የ2018ቱ ሚያዝያ 4 ነበር። እነዚህን ባሕረ ሐሳብ ከሚያውቅ መምህር ተቀብላችሁ ብቻ መዝግቡ።