ስለ ኢቢትዳ ለወጣት የሂሳብ ባለሙያዎች

በጎንደርና በአካባቢው በሂሳብ ሥራ፣ በኦዲትና በባንክ ብድር ክፍል ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች፤

በብድር ማመልከቻና በድርጅት ሽያጭ ሰነድ ላይ ኢቢትዳ የሚባል ቁጥር ደጋግሞ ያጋጥማችኋል። ወለድ፣ ግብር፣ የቋሚ ንብረት የእርጅና ቅናሽና ግዙፋዊ ሀልዎት የሌላቸው ሀብቶች የዋጋ ቅናሽ ከመቀነሳቸው በፊት ያለውን ትርፍ የሚያሳይ ነው። አብዝቼ የማስጠነቅቃችሁ በእርጅና ቅናሹ ላይ ነው።

ለምሳሌ እዚሁ ጎንደር ውስጥ የሚሠራ አንድ ሆቴል እንውሰድ። በዓመት 40 ሚሊዮን ብር ይሸጣል፤ ለደመወዝ፣ ለምግብና መጠጥ ግዢ፣ ለመብራት፣ ለውኃ፣ ለነዳጅና ለጥገና 28 ሚሊዮን ብር ያወጣል። ስለዚህ ኢቢትዳው 12 ሚሊዮን ብር ነው። ሕንፃውን ለመጨረስ ከወሰደው ብድር 30 ሚሊዮን ብር ይቀረዋል፤ ወለዱ በ15 በመቶ 4.5 ሚሊዮን ብር ይሆናል። የእርጅና ቅናሹ 4 ሚሊዮን ብር ቢሆን፣ ከግብር በፊት 3.5 ሚሊዮን ብር ይተርፋል፤ ከዚህም ላይ 30 በመቶ ግብር ሲከፈል የተጣራው ትርፍ 2.45 ሚሊዮን ብር ነው።

ተንታኞች ቁጥሩን የሚወዱበት በቂ ምክንያት አላቸው። በአጠገቡ ባለቤቱ በራሱ ገንዘብ የሠራው፣ ወለድ የማይከፍል፣ ሕንፃውም ያረጀ ሌላ ሆቴል ቢኖርና ሁለቱ እኩል እንግዳ በእኩል ወጪ ቢያስተናግዱ፣ የተጣራ ትርፋቸው እጅግ ይራራቃል፤ ኢቢትዳቸው ግን አንድ ነው። ድርጅቱን ገዝቶ የብድሩን አወቃቀር እንደ ራሱ ፍላጎት ሊቀይር ለሚያስብ ሰው፣ ሥራው ራሱ ምን ያህል እንደሚያስገኝ ማወቁ ይጠቅመዋል። አበዳሪም ዕዳውን በኢቢትዳ አካፍሎ፣ እዚህ ላይ 2.5 እጥፍ መሆኑን አይቶ፣ ሸክሙን ከሌሎች ተበዳሪዎች ጋር ያነጻጽራል።

ይሁን እንጂ 12 ሚሊዮኑ በባለቤቱ እጅ የሚቀር ገንዘብ አይደለም። ወለዱና ግብሩ በጥሬ ገንዘብ ይከፈላሉ። ከዋናው ብድር የዓመቱ ክፍያ 4 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ፍራሽ፣ የውኃ ማሞቂያና ጄኔሬተር ለመተካት 3 ሚሊዮን ብር ይወጣል። በጥምቀት ሰሞን ክፍሎቹን የሞሉት አስጎብኚ ድርጅቶች ደግሞ ሒሳባቸውን ስላላጠናቀቁ፣ ተሰብሳቢ ሂሳቡ በ1.5 ሚሊዮን ብር ጨምሯል፤ ይህ ሽያጭ ኢቢትዳ ውስጥ ተቆጥሯል፣ ባንክ ግን አልገባም። ሁሉም ሲደመር 14.05 ሚሊዮን ብር ነው፤ ሆቴሉ 2.05 ሚሊዮን ብር ይጎድለዋል ማለት ነው። የእርጅና ቅናሽ ከካዝና የማይወጣ፣ የወረቀት ወጪ ብቻ ነው የሚላችሁን አትመኑ። ገንዘቡ ዕቃው በተገዛበት ቀን ወጥቷል፤ ዕቃው ሲያልቅም እንደገና ይወጣል፤ ቅናሹ በሁለቱ መካከል ያለውን ፍጆታ በየዓመቱ የሚመዘግብ ነው።

ከዚህ የከፋው፣ ቁጥሩን ከፍ ለማድረግ አንድን ወጪ ከቦታው ማንሳት መብቃቱ ነው። ሆቴሉ ክፍሎቹን ለማስቀባት 1.2 ሚሊዮን ብር ቢያወጣ፣ ይህ ጥገና ስለሆነ የዓመቱ ወጪ ነው። ሂሳብ ሠራተኛው ከ28 ሚሊዮኑ አውጥቶ በቋሚ ንብረት ቢመዘግበው ግን ኢቢትዳው 13.2 ሚሊዮን ብር ይሆናል፤ ገዢው የኢቢትዳን 7 እጥፍ የሚከፍል ከሆነም የሆቴሉ ዋጋ በ8.4 ሚሊዮን ብር ያድጋል። ከባንክ የወጣው ገንዘብ በአንድ ብር እንኳ አልተለወጠም።

ወርልድኮም የተባለው የአሜሪካ የቴሌኮም ኩባንያ ያደረገው በመሠረቱ ይህንኑ ነው። ለሌሎች የስልክ ኩባንያዎች ለመስመር አጠቃቀም የሚከፍለውን የዕለት ተዕለት ወጪ በቋሚ ንብረት መዘገበ። በሲንቲያ ኩፐር የሚመሩት የውስጥ ኦዲተሮች ምዝገባውን ደረሱበት፤ ኩባንያው በሰኔ 2002 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲያደርገው መጠኑ 3.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ በቀጣዩ ወርም የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ልብ በሉ፤ እንዲህ የተዛወረ ወጪ በጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫው ላይ ወደ ኢንቨስትመንት ክፍል ስለሚሄድ፣ ከሥራ የተገኘውን ገንዘብ ጭምር ያሳምረዋል። ስለዚህ ያንን መስመር ብቻ አይቶ መረጋጋት አይበቃም።

እኔ የምመክራችሁ ከኢቢትዳው ላይ የዓመቱን የቋሚ ንብረት ወጪ ቀንሳችሁ እንድታዩ ነው፤ ወጪው የትም ቢመዘገብ ውጤቱ አይለወጥምና። በእኛ ሆቴል፣ ቀለሙ በትክክል ቢመዘገብም ባይመዘገብም 9 ሚሊዮን ብር ይመጣል። ከዚያ የቋሚ ንብረት መዝገቡን አስመጡና በዓመቱ የገቡትን ዕቃዎች ከደረሰኞቻቸው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። አንድም አዲስ ክፍል ሳይጨመር ንብረቱ ካደገ፣ በደረሰኙም ላይ ቀለም፣ ብሩሽና የቀቢ የቀን አበል ካገኛችሁ፣ ወጪው ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ በዚያ ኢቢትዳ ላይ ዋጋም ሆነ የብድር ጣሪያ አትሥሩበት።