ኤስኤን1 ወይስ ኤስኤን2? ከሠንጠረዡ በፊት ካርቦኑን እዩት

ጥያቄ፦ «ኤስኤን1 እና ኤስኤን2 ሁሌ ይምታቱብኛል። ሠንጠረዡን ሸምድጄዋለሁ፤ ፕራይመሪና ቴርሸሪ ሲሆን እመልሳለሁ፣ ሰከንደሪ ሲመጣ ግን ይጠፋብኛል። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።»

እህቴ፣ ሠንጠረዡን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊውና አንድ ጥያቄ ብቻ ያዢ። ብሮሚኑ ወይም ክሎሪኑ ካርቦኑን የሚለቀው መቼ ነው? ኒውክሊዮፋይሉ ከወዲያ ሲጠጋ በዚያው ቅጽበት ከለቀቀ፣ ሁሉም ነገር በአንድ እርምጃ አልቋል፤ ኤስኤን2 ነው። ማንም ሳይነካው ቀድሞ ከሄደ፣ ካርቦኑ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ ካርቦካታዮን ሆኖ ከቆየና ኒውክሊዮፋይሉ ከዚያ በኋላ ከደረሰ ኤስኤን1 ነው። የሸመደድሽው ረድፍ ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

ላብ ውስጥ ተማሪዎችን ሳግዝ ይህን በቴስት ቲዩብ ነው የማሳየው፤ አንዴ በዓይኑ ያየ ሰው አይረሳውም። አንዱ ናሙና 1-ብሮሞቡቴን፣ ሌላው ቴርት-ቡታይል ክሎራይድ ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም አሴቶን ውስጥ በሟሟ ሶዲየም አዮዳይድ ላይ ጠብ ጠብ እናደርጋለን። አዮዳይድ ኃይለኛ ኒውክሊዮፋይል ነው፤ አሴቶን ደግሞ ካርቦካታዮን እንዲፈጠር ብዙም አያግዝም። ስለዚህ እዚህ የሚሳካለት በኤስኤን2 የሚሄደው ብቻ ነው። ሶዲየም አዮዳይድ አሴቶን ውስጥ ይሟሟል፣ ሶዲየም ብሮማይድና ሶዲየም ክሎራይድ ግን አይሟሙም። 1-ብሮሞቡቴን ያለበት ቲዩብ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነጭ ደለል ያወጣል። ቴርት-ቡታይል ክሎራይድ ያለበት ጥርት እንዳለ ይቀራል፤ ምክንያቱም አዮዳይዱ መግባት ያለበት ክሎሪኑ ካለበት በተቃራኒ፣ ከካርቦኑ ጀርባ ነው፤ ያንን መንገድ ሦስት ሜታይሎች ዘግተውታል።

ቀጥሎ አዲስ ቲዩቦች ወስደን ኤታኖል ውስጥ የሟሟ ሲልቨር ናይትሬት እንጠቀማለን። ናይትሬት ደካማ ኒውክሊዮፋይል ስለሆነ ገፍቶ የሚያስለቅቅ የለም። ሲልቨሩ ሃሎጅኑን ይስባል፣ ኤታኖሉ የሚፈጠረውን ካርቦካታዮን ያረጋጋል። አሁን ቦታው ይገለበጣል። ቴርት-ቡታይል ክሎራይዱ ወዲያው ነጭ ሲልቨር ክሎራይድ ያዘንባል፤ 1-ብሮሞቡቴን ግን ካልሞቀ በጣም ይዘገያል። ልብ በይ፣ ብሮማይድ ከክሎራይድ የተሻለ ተሰናባች ነው፤ ሆኖም ክሎራይዱ ቀደመ። የካርቦካታዮኑ መረጋጋት ከሃሎጅኑ ዓይነት በልጦ ታየ ማለት ነው።

ሙከራውን የምትሠሩ ካላችሁ ስለ ውኃ ተጠንቀቁ። በሶዲየም አዮዳይዱ ቲዩብ ውስጥ ውኃ ከቀረ ሶዲየም ብሮማይዱ ስለሚሟሟበት ደለል አይታይም፤ ሪአክሽኑ የለም ብላችሁ ትጽፋላችሁ። በሲልቨር ናይትሬቱ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የቧንቧ ውኃ ክሎራይድ ስላለበት በእሱ የታጠበ ቲዩብ ናሙና ሳይጨመርበት ሊደፈርስ ይችላል። በተጣራ ውኃ ማጠብ፣ ከዚያም በደንብ ማድረቅ ያስፈልጋል።

የፍጥነቱ እኩልታም ይህንኑ ነው የሚናገረው። ለኤስኤን2 ፍጥነት = k[RX][Nu] ነው፤ ሁለቱ መገናኘት ስላለባቸው አዮዳይዱን እጥፍ ብታደርጊው ፍጥነቱም እጥፍ ይሆናል። ለኤስኤን1 ፍጥነት = k[RX] ብቻ ነው፤ አዝጋሚው እርምጃ ሃሎጅኑ የሚለቅበት ስለሆነ ኒውክሊዮፋይሉ ቢበዛም ቢያንስም ተራ ጠባቂ ነው። ቴርት-ቡታይል ክሎራይድን በውኃና አሴቶን ድብልቅ ውስጥ ስናስኬደው ፍጥነቱን የሚቀይረው የውኃው ድርሻ ነው። ውኃው ሲጨምር ቻርጆቹን ስለሚያረጋጋ ይፈጥናል፣ አሴቶኑ ሲበዛ ይዘገያል።

ወደ ሰከንደሪው ልምጣ፤ ያስቸገረሽ እሱ ነው። ሰከንደሪ ካርቦን ጀርባው ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፣ ካርቦካታዮኑም እንደ ቴርሸሪው አይረጋጋም፤ ስለዚህ የሚወስነው አካባቢው ነው። (R)-2-ብሮሞቡቴንን ውሰጂ። ዲኤምኤስኦ ውስጥ ከሶዲየም አዛይድ ጋር ብታደርጊው፣ አዛይድ ኃይለኛ ኒውክሊዮፋይል ነው፣ ቤዝነቱ ግን መለስተኛ ነው፤ ዲኤምኤስኦም ሃይድሮጅን ቦንድ ሠርቶ አይከበውም። አዛይዱ ከጀርባ ይገባል፣ በካርቦኑ ላይ ያሉት ሦስቱ ቦንዶች ነፋስ እንደገለበጠው ጃንጥላ ወደ ሌላው ወገን ይዞራሉ፣ ውጤቱ (S)-2-አዚዶቡቴን ነው። ያንኑ ብሮማይድ ኃይለኛ ኒውክሊዮፋይል በሌለበት በውኃና ኤታኖል ድብልቅ ብታሞቂው ግን ወደ ኤስኤን1 ያዘነብላል። ካርቦካታዮኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ ገቢው ከሁለቱም ወገን ይደርሳል፤ R እና S ተቀላቅለው ይወጣሉ። ብዙ ጊዜ የተገለበጠው ትንሽ ይበልጣል፤ ብሮማይዱ ገና ርቆ ሳይሄድ የራሱን ወገን ስለሚከልል ነው። ከጎኑም አልኪን አይጠፋም።

መገልበጡ በእያንዳንዱ ሞለኪውል ላይ እንደሚከሰት ያረጋገጠው ሙከራ የሂዩዝና ባልደረቦቹ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1935። የብርሃን ዋልታን የሚያዞር 2-አዮዶኦክቴንን ከራዲዮአክቲቭ አዮዳይድ ጋር አሴቶን ውስጥ አደረጉት። ዋልታ የማዞር ኃይሉ የጠፋበት ፍጥነት አዮዳይዱ ከተለዋወጠበት ፍጥነት እጥፍ ሆነ። አንድ ሞለኪውል ሲገለበጥ የራሱን ማዞር ማጣት ብቻ ሳይሆን የአንድ ያልተገለበጠ ሞለኪውልንም ያጣፋል፤ እጥፉ የመጣው ከዚህ ነው። እኔ ከኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሙከራዎች ሁሉ ይህን ያህል የሚያረካኝ የለም።

ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅባቸውን ሁለት ቦታዎች ልጨምር። ቴርት-ቡታይል ብሮማይድ ከሶዲየም ኤቶክሳይድ ጋር ሲሰጥሽ «ቴርሸሪ ነው፣ ስለዚህ ኤስኤን1» ብለሽ ኤተር አትጻፊ። ኃይለኛ ቤዝ ቴርሸሪ ሲያገኝ ካርቦኑን ትቶ ሃይድሮጅኑን ይነቅላል፤ ዋናው ውጤት 2-ሜታይልፕሮፒን ነው፣ መንገዱም ኢ2። ኒዮፔንታይል ብሮማይድ ደግሞ ፕራይመሪ ቢሆንም በኤስኤን2 እጅግ ዘገምተኛ ነው፤ ከአጠገቡ ያለው ካርቦን ሦስት ሜታይል ተሸክሞ ጀርባውን ይከልላል። ስለዚህ «ፕራይመሪ» የሚለውን ስም አይተሽ ከመወሰን፣ ሥዕሉን ሥለሽ መግቢያው ክፍት መሆኑን እዪ።

ውጤቱ ተሰጥቶሽ መንገዱን ስትጠየቂ ደግሞ መጀመሪያ የካርቦኑን አጽም አወዳድሪ። 2-ብሮሞ-3-ሜታይልቡቴን ውኃ ውስጥ ሞቆ በዋናነት 2-ሜታይል-2-ቡታኖል ከሰጠ፣ ኦኤቹ ያረፈው ብሮሚኑ በነበረበት ካርቦን ላይ አይደለም። ሰከንደሪው ካርቦካታዮን ከጎረቤቱ አንድ ሃይድሮጅን ከነኤሌክትሮኖቹ ወስዶ ቴርሸሪ ሆኗል። ኤስኤን2 ውስጥ ካርቦካታዮን ስለሌለ እንዲህ ያለ ሽግሽግ አይኖርም፤ ይህን ባየሽበት ቦታ ስለ ሶልቬንቱም ስለ ኒውክሊዮፋይሉም ሳትጨነቂ ኤስኤን1 ብለሽ መጻፍ ትችያለሽ።