«እኔ» የጠፋበት ሌሊት፦ የሆነውና ሆነ የምንለው

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ከጥቂት ወራት በፊት ሌሊት በጸሎት ላይ ሳለሁ ለጥቂት ደቂቃ «እኔ» የምለው ነገር ጠፋብኝ። ሁሉ ነገር አንድ ነበር፤ ሰላሙን በቃል ልናገረው አልችልም። በኋላ ሳነብ የሂንዱ፣ የእስልምናና የአይሁድ ሰዎችም ይህንኑ እንደሚናገሩ አየሁ። ታዲያ ሁላችንም የምንደርሰው አንድ ቦታ ነው ማለት ነው? ወይስ የደረሰብኝ ማታለያ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ስለ መናፍስት ማታለልና ስለ ትዕቢት ፈተና የምታውቂውን አልደግምልሽም። «ማታለያ ነው ወይ» ላልሽው፣ ያላየሁትን ሌሊትሽን ከሩቅ ሆኜ አልኮንነውም። እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራቸው ወዲያው «ሰይጣን ነው» የሚሉ አሉ፤ አንዳንዴ ልክ ይሆናሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሰው ሁለተኛ አፉን እንዳይከፍት ያደርጉታል። እኔ ልቆይበት የምፈልገው በሌላው ጥያቄሽ ላይ ነው፤ እዚያ ውስጥ ብዙ ጊዜ የገጠመኝ ስሕተት አለና።

ስሕተቱ ይህ ነው፦ የሆነውንና ሆነ የምንለውን አንድ ማድረግ። «እኔነቴ አልተሰማኝም» ማለት የሆነውን መናገር ነው። «ከእግዚአብሔር ጋር አንድ ባሕርይ ሆንሁ» ወይም «ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው» ማለት ግን ለሆነው ነገር ትርጉም መስጠት ነው። የመጀመሪያው እውነት ሆኖ ሁለተኛው ሐሰት ሊሆን ይችላል። ነገሩ በጣም ኃይለኛ ስለሆነ ትርጉሙም አብሮ የታየ ይመስላል እንጂ አልታየም። አንድ ወጣት ከእንዲህ ያለ ሌሊት በኋላ መጥቶ «መምህር፣ እንግዲህ ንስሐ የምገባው ለማን ነው? እሱና እኔ አንድ ነን» ብሎኛል። በደል በልቡ ኖሮ አልነበረም፤ ችግሩ ከአንዲት ሌሊት ስሜት አንድ ሙሉ ዶግማ ማውጣቱ ነበር።

ብዙ ሕዝብ ለምን ይህን ያያል? አንዱ ምክንያት የሰው ተፈጥሮ አንድ መሆኑ ነው። «እኔ እዚህ፣ ዓለም እዚያ» የሚለው ድንበር እንደ ድንጋይ ካብ አንዴ ተሠርቶ የቆመ አይደለም። ልቡናችን ከሰውነታችን ስሜት፣ ከትዝታችንና ውስጥ ውስጡን ከምናወራው ወሬ እየሸመነ በየቅጽበቱ የሚሠራው ነው። አሁን አንድ ሰው በጨለማ፣ በጾም በቀለለ ሰውነት፣ ሳይንቀሳቀስ፣ አንዲት አጭር ቃል እየደጋገመ ለሰዓታት ቢቆይ ወሬው ይቀንሳል፣ አካሉ ይረሳል፣ ሸማኔውም እጁን ያሳርፋል። ያን ጊዜ ድንበሩ ይሳሳል። መነኩሴውም የእስልምናው ሱፊም የሂንዱው ዮጊም መንገዳቸው በዚህ በኩል ይመሳሰላል፤ ስለዚህ የሚናገሩት መመሳሰሉ አያስደንቅም። በ2001 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች) የታተመ አንድ ጥናት የቲቤትን ቡድሂዝም የሚከተሉ ተመሳጮችን አንጎል መርምሮ፣ ራስን በቦታ ውስጥ ለይቶ በማወቅ በሚሳተፈው ክፍል ላይ የእንቅስቃሴ ለውጥ አይቷል። የተመረመሩት ስምንት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሺህ ቢሆኑም ግን እንዲህ ያለው ምርመራ የሚነግረን በሰውየው ውስጥ ምን እንደተለወጠ ነው፤ ማንን እንዳገኘ አይነግረንም።

«ሁሉም አንድ ነገር ይላሉ» ለሚለው ደግሞ፣ እስኪ ከሕንድ መጻሕፍት አንዱን እንይ። በቻንዶግያ ኡፓኒሻድ ኡዳላካ የሚባል አባት ልጁን ሽቬታኬቱን ጨው ውኃ ውስጥ አስጨምሮ ያሳድረዋል። ጠዋት «ጨውን አምጣው» ይለዋል፤ ልጁ ፈልጎ ያጣዋል። «ከላይ ቅመሰው»፤ ጨው ነው። «ከመካከሉ»፤ ጨው ነው። «ከታች»፤ ያው ጨው። አባትየው በዓለም ሁሉ ስላለው ረቂቅ ነገር ይነግረውና «ያ አንተ ነህ» ይለዋል። በዚህች አጭር ቃል ላይ ሦስት ታላላቅ መምህራን ተለያዩ። ሻንካራ የነፍስና የሁሉ መሠረት ነው የሚሉት የብራህማን አንድነት ፍጹም ነው፣ ልዩነት ያለ የሚመስለው ባለማወቅ ነው አለ። ራማኑጃ አይደለም፣ ነፍስ ለአምላክ ሥጋ ለነፍስ እንደሆነው ናት፤ አትለይም፣ ግን ራሱ አይደለችም አለ። ማድቫ ደግሞ በሳንስክሪት ቃላቱ ተያይዘው ስለሚነበቡ በሌላ ቦታ ቆርጦ «ያ አንተ አይደለህም» ብሎ አነበበው። በአንድ ውኃ፣ በአንድ ጨው፣ በአንድ መጽሐፍ ላይ ነው ይህ ሁሉ። በእስልምናም በ1624 ያረፈው ሼህ አሕመድ ሲርሂንዲ በተመሥጦ ጎዳና ሲሄድ መጀመሪያ ሁሉ አንድ ሆኖ እንደታየው፣ በኋላ ግን ያን አልፎ እንደሄደ በደብዳቤዎቹ ጽፏል። ፀሐይ ስትወጣ ከዋክብት አይታዩም፤ ባይታዩም ግን አሉ ይላል። ስለዚህ «ከአንዱ በቀር አላየሁም» ማለትን «ከአንዱ በቀር የለም» ከማለት ለየው፤ የመጨረሻውንም ማዕረግ ባርነት ብሎ ጠራው። በእምነት ከእኛ የራቀ ሰው ነው፤ ይህችን መለየት ግን ከእኛዎቹ መካከል ስንቱ እንዳጣት ሳይ እቀናበታለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ለአንቺ የሚጠቅምሽ የማርቲን ቡበር ነገር ይመስለኛል። ቡበር አይሁዳዊ ፈላስፋ ነው፤ በ1909 የብዙ ሃይማኖት ባለ ተመሥጦዎች የተናገሩትን ሰብስቦ በአንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ ራሱም ይህን አንድነት ቀምሶታል። ከዓመታት በኋላ ግን ወደዚያው ነገር ተመልሶ መረመረው። የግለሰብነት ማሰሪያ የሚወድቅበትና ያልተከፋፈለ አንድነት የሚኖርበት ሁኔታ እንዳለ ከማይረሳ የራሴ ተሞክሮ አውቃለሁ ይላል፤ ያ ከአምላክ ጋር መዋሐድ እንደሆነ ግን አላውቅም፣ ነፍስ እንዲህ ማሰብ ደስ ይላታል፣ የእኔም አንድ ጊዜ አስባው ነበር ይላል። የደረሰበት የገዛ ነፍሱ ጥልቅ እንደሆነ ደመደመ። ጉድጓድ ውኃ አጎንብሶ የሚያይ ሰው ታች ጨለማ ብቻ ሆኖበት ወለሉን ቢያጣ፣ ጉድጓዱን ባሕር ነው ሊለው አይችልም። የነፍስም ጥልቀቷ እንዲሁ ነው፤ ወለሏ ስላልታየ ብቻ ፈጣሪ አትሆንም።

ቡበርን እንዲህ ያስለወጠው ፍልስፍና ብቻ አልነበረም። አንድ ቀን፣ ጠዋቱን በእንዲህ ያለ የመንፈስ ግለት ካሳለፈ በኋላ፣ አንድ የማያውቀው ወጣት ሊጠይቀው መጣ። በወዳጅነት ተቀበለው፣ አወራው፣ ጥያቄዎቹንም መለሰለት፤ ልቡ ግን እዚያ አልነበረምና ወጣቱ ያልጠየቀውን ጥያቄ ሳይሰማ ሸኘው። ብዙም ሳይቆይ ያ ወጣት በሕይወት እንደሌለ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ሰውን ከሰው ፊት የሚያነሣውን ግለት ትቻለሁ ብሎ ጻፈ።

ወደ ራሳችን ልመለስ። አባቶቻችን በእሳት ውስጥ ያለ ብረትን ምሳሌ ያደርጋሉ፤ ቅዱስ ቄርሎስም የኢሳይያስን ፍሕም ያመጣል። ብረት እሳት ውስጥ ሲቆይ ይቀላል፣ ያበራል፣ ያቃጥላል፤ ብረትነቱን ግን አይተውም። ይህን ምሳሌ የምንናገረው በመጀመሪያ ስለ ጌታችን ነው፤ መለኮትና ሥጋ ያለ መቀላቀል ያለ መለወጥ አንድ ስለሆኑበት፤ ያ ተዋሕዶ የእርሱ ብቻ ነው። ለእኛ የተሰጠን በጸጋ ነው። «ከጌታ ጋር የሚተባበር ግን አንድ መንፈስ ነው» ሲል ሐዋርያው የሚተባበረውን አላጠፋውም፤ የሚተባበር ከሌለ መተባበርም የለም። እንግዲህ በእኛ ዘንድ የአንድነቱ ፍጻሜ መቅለጥ አይደለም፣ መዋደድ ነው። ከሻንካራ የምንለየው እዚህ ላይ ነው፤ ልዩነቱም የቃል አይደለም፤ ለፍቅር ሁለት ያስፈልጋሉና። ማር ይስሐቅ ከንጹሕ ጸሎት ባሻገር ልቡና ጸሎትን እንኳ ትቶ በመደነቅ ዝም የሚልበት ደረጃ እንዳለ ይናገራል፤ በትውልድ አንድ ሰው እንኳ በጭንቅ ነው የሚደርሰው ይላል። ያው አባት ርኅሩኅ ልብ ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ ስለ ፍጥረት ሁሉ፣ ስለ ሰዎች፣ ስለ ወፎች፣ ስለ አራዊት፣ ስለ አጋንንትም ጭምር የሚነድ ልብ ነው አለ። የሚያለቅስላቸው ሌሎች ከሌሉ ለማን ይነዳል?

ጳውሎስ እስከ ሦስተኛው ሰማይ ተነጠቀ። ምን አለ? «በሥጋ እንደ ሆነ አላውቅም ወይም ከሥጋ ውጭ እንደ ሆነ አላውቅም፥ እግዚአብሔር ያውቃል።» ሲጽፈው አሥራ አራት ዓመት አልፎታል፤ ያውም ተቃዋሚዎቹ አስገድደውት፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ አድርጎ። ጴጥሮስ በተራራው ላይ ወዲያው «ሦስት ዳስ እንሥራ» ብሎ ተናገረ፤ ወንጌላዊውም «የሚለውንም አያውቅም ነበር» አለ። አንቺ የጳውሎስን ያዢ። የሆነውን እንደሆነ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ «ለጥቂት ደቂቃ እኔነቴ አልተሰማኝም፣ ሰላም ነበር» በዪ፣ እዚያ ላይ አቁሚ። እንዲመለስ ብለሽ ጸሎትሽን አታራዝሚ፤ የሚመጣውን ስሜት የሚጠብቅ ሰው ስሜቱን ራሱ መሥራት ይጀምራልና። ባይመለስ የጎደለብሽ የለም። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሰው ሲጠራሽ የምትሰለቺ፣ የቤት ሥራ የሚያስመርርሽ፣ ሌላው ሁሉ ዕውር የሚመስልሽ ከሆነ ግን ጉድጓዱን ባሕር እንዳትዪው ፍሪ። ከማን ጋር እንደተጣላሽ አልጻፍሽልኝም፤ የተጣላሽው ሰው ካለ በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ከሌሊቱ በፊት የእሱን ጻፊልኝ።