ለጤና የምንሮጥ ሰዎችና ስኳር ያለው ጠርሙስ፦ ጥያቄና መልስ

ሂሩት፦ ጠዋት ጠዋት 45 ደቂቃ በፍጥነት እራመዳለሁ። ስጨርስ አንድ ጠርሙስ የስፖርት መጠጥ እጠጣለሁ። ሦስት ወር ሆነኝ፤ ክብደቴ ግን አልቀነሰም።

አሠልጣኙ፦ ጠርሙሱን ያዙሩና ጀርባውን ያንብቡ። አብዛኞቹ የስፖርት መጠጦች በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 6 ግራም ያህል ስኳር አላቸው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ እርስዎ የሚጠጡት ግን 500 ሚሊ ሊትሩን በሙሉ ነው። ይህም 30 ግራም፣ ማለትም ሰባት የሻይ ማንኪያ ተኩል ስኳር ይሆናል፤ 120 ካሎሪ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አራት ኪሎ ሜትር ሲራመድ የሚያቃጥለው 200 ካሎሪ ገደማ ነው። ከግማሽ በላዩን መልሰው ጠጡት ማለት ነው።

ጡንቻና ጉበት ያከማቹት ስኳር ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚዘልቅ ጠንካራ ሩጫ እንኳን ይበቃል። ለእርስዎ እርምጃ ውኃና የተለመደው ቁርስዎ በቂ ናቸው።

ዳዊት፦ እኔ የምመርጠው በጣሳ የሚሸጠውን ኃይል ሰጪ መጠጥ ነው። ከሩጫ በፊት ስጠጣው በእርግጥ ፍጥነቴ ይጨምራል። ጉልበት የሚሰጠኝ ስኳሩ ነው።

አሠልጣኙ፦ ፍጥነትዎ መጨመሩን አምናለሁ፤ ምክንያቱ ግን ካፌይኑ ነው። 250 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ጣሳ ውስጥ ብዙውን ጊዜ 80 ሚሊ ግራም ካፌይን አለ፤ አንድ ስኒ ቡና ከሚሰጠው ብዙም አይርቅም። ስኳሩ ደግሞ በ100 ሚሊ ሊትር 11 ግራም ያህል ነው፤ ከስፖርት መጠጡ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። እንዲህ የወፈረ ስኳር ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም፤ ጋዝ ሲጨመርበት ሆድ ይነፋል፣ በሩጫ መሀል ይወጋል። ስኳር የሌለው ቡና ከሩጫው አንድ ሰዓት ቀድመው ቢጠጡ ያንኑ ጥቅም ያገኛሉ።

ለጤናማ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን አይጎዳም ይባላል፤ ለነፍሰ ጡር ግማሹ ነው። አቦልና ቶናም ከዚሁ ይቆጠራሉ። ልብዎ የሚመታብዎት ወይም የደም ግፊት ያለብዎት ከሆነ ግን አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ለልጆችና ለወጣቶች ጣሳውን ፈጽሞ አልመክርም።

ቢንያም፣ ከዱባይ፦ አርብ ማታ ሁለት ሰዓት ሙሉ ኳስ እንጫወታለን። ማልያዬ ሲደርቅ ነጭ ጨው ይታይበታል። ለእኔም ውኃ ይበቃኛል?

አሠልጣኙ፦ የስፖርት መጠጥ የተሠራው እንደ እርስዎ ላለው ሰው ነው። በ1965 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ከመጀመሪያዎቹ የታወቁ የስፖርት መጠጦች አንዱ ሲቀመም የታሰበው በሙቀት ውስጥ ለሰዓታት ለሚጫወቱ ተጫዋቾች ነበር።

መጀመሪያ ላብዎን ይለኩ። ከጨዋታው በፊትና በኋላ፣ ላብ ያራሰውን ልብስ አውልቀው ይመዘኑ። 78 ኪሎ ገብተው 76.4 ከወጡ፣ በመሀሉም አንድ ሊትር ጠጥተው ከሆነ፣ ያላብዎት 2.6 ሊትር ያህል ነው። ያን ሁሉ በጨዋታው ላይ ለመተካት አይሞክሩ፤ በየዕረፍቱ ጥም እያዳመጡ ይጎንጩ። ከገቡበት ክብደት በላይ መዝነው ከወጡ አብዝተዋል፤ በደም ውስጥ ያለው ጨው ይሳሳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መደናገር ከተከተሉ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የስፖርት መጠጥም አብዝተው ከጠጡት ከዚህ አያድንም፤ ጨዉ ከደም በጣም ያነሰ ነውና።

ለመግዛት አይገደዱም። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ልክ የሞላ እንጂ ያልተቆለለ አምስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና የአንድ ሎሚ ጭማቂ ያማስሉ።

ወይዘሮ አልማዝ፦ ልጄን ተቅማጥ ይዞት የስፖርት መጠጥ ሰጠሁት። ደግ አደረግሁ?

አሠልጣኙ፦ እናቴ፣ ይኼ ሌላ ጉዳይ ነው። ለተቅማጥ ስኳሩ ይበዛል፣ ጨዉ ያንሳል፤ ስኳር ሲበዛ ተቅማጡን ሊያባብሰው ይችላል። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ኦ አር ኤስ ይጠቀሙ፤ አሁን ለቢንያም የነገርኩትንም ለልጁ አይስጡት።

ዮናስ፦ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም። ጠዋት ስሮጥ እዝላለሁ። የትኛው መጠጥ ያግዘኛል?

አሠልጣኙ፦ ካልጠጡት የትኛውም አያግዝም። ሩጫውን ወደ አመሻሽ ያዙሩት፤ ወይም ጠዋት ከሆነ ለመነጋገር በሚያስችል ፍጥነት ከግማሽ ሰዓት አይለፉ።

ሰላም፦ ስኳር ያለውን ውኃ ተጉመጥምጦ መትፋት እንኳን ይረዳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

አሠልጣኙ፦ እውነት ነው። አንድ ሰዓት በሚፈጅ ከባድ ልፋት ላይ አፍ ስኳር ሲቀምስ ብቻ አንጎል ትንሽ ይነቃቃል፤ በብስክሌተኞች ላይ ተሞክሯል። ጾም ይፈታል ወይስ አይፈታም የሚለውን ግን ዮናስ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ።

ዮናስ፦ እጠይቃለሁ። የሚሉኝን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።